4.9 ኮከብ በ11 ሰው፦ የአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግዢ የጉዳይ ጥናት

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት አክስቴ ለ12 ዓመት እንጀራ የጋገሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ባለፈው ዓመት ከጥምቀት ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ተቃጠለ። ከቁጥር ጋር መዋል ሥራዬ መሆኑን ስለሚያውቁ «አንተ ኢንተርኔቱን ታውቀዋለህ፤ ጥሩውን ምረጥልኝ» ብለው ኃላፊነቱን ለእኔ ጣሉት። ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር። የገበያ ድረ ገጹን ከፍቼ ዕቃዎቹን በደንበኞች አማካይ ደረጃ እንዲደረድርልኝ ሳዝዘው ግን ከላይ ያስቀመጠልኝ፣ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ልንጠራጠረው የሚገባንን ዕቃ ነበር። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ሁለት ምሽት የፈጀብኝን ምርጫ እንደ ሄደበት ቅደም ተከተል የሚያስረዳ ነው።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በአሜሪካ ብዙ ሐበሻ የሚጋግርበት ምጣድ መጀመሪያውኑ ለእንጀራ የተሠራ አይደለም። የኖርዌይ ተወላጆች ሌፍሴ የሚሉትን ስስ የድንች ቂጣ የሚጋግሩበት፣ 16 ኢንች ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ጠፍጣፋ መጋገሪያ ነው። ሌፍሴ ተገልብጦ የሚጋገር ስለሆነ መጋገሪያው አክንባሎ የለውም፤ የእኛ ሰው አክንባሎውን ከሌላ ቦታ ይፈልጋል። ይህ ዝርዝር ከኮከብ ስሌት ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ይመስላል፤ በመጨረሻ ምርጫውን የወሰነው ግን እሱ ነው።

ዋጋቸው በአሥር ዶላር ልዩነት ውስጥ የሆኑ ሦስት ምጣዶች ቀሩኝ። የመጀመሪያው 4.9 ኮከብ ነበረው፤ ደረጃ የሰጡት ሰዎች 11 ሲሆኑ አሥሩ አምስት፣ አንዱ አራት ኮከብ ሰጥተዋል። ሁለተኛው 1,260 ሰዎች ደረጃ የሰጡት ሆኖ አማካዩ 4.4 ነበር። ሦስተኛውም እንዲሁ 4.4 ነበር፤ የሰጡት ሰዎች ግን 300 ናቸው። የድረ ገጹ ድርደራ ከሰዎቹ ቁጥር ጋር ጉዳይ ስለሌለው የመጀመሪያውን ከላይ፣ ሌሎቹን ሁለቱን ደግሞ ጎን ለጎን እኩል አድርጎ አስቀምጧቸዋል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። 4.9 የሚለው ቁጥር ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ ለማወቅ አንድ የተናደደ ገዢ ነገ መጥቶ አንድ ኮከብ ቢሰጥ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅሁ። እስካሁን የተሰበሰበው 54 ኮከብ ነው፤ አንድ ሲጨመርበት 55 ይሆንና ለ12 ሰው ሲካፈል 4.58 ይመጣል። ሁለተኛ የተናደደ ሰው ቢከተለው 4.31 ይሆናል፤ ይህም ከሌሎቹ ከሁለቱ በታች ነው። በሁለት ሰው ስሜት ከአንደኛ ወደ መጨረሻ የሚወርድ ደረጃ ማለት ነው። ያው የተናደደ ገዢ ወደ ሁለተኛው ምጣድ ቢሄድ ግን በ1,260 ሰው መካከል ይዋጣል፤ አማካዩ ከ4.390 ወደ 4.387 ቢወርድ ነው፤ በድረ ገጹ ላይ የሚታየው 4.4 ንቅንቅ አይልም።

«ግን እኮ ከ11ዱ አንድም ሰው አልተከፋም» የሚል ክርክር ይነሳ ይሆናል፤ አክስቴም ያሉት ይህንኑ ነው። መልሱ በግምት ሳይሆን በስሌት የሚገኝ ነው። ሁለተኛውን ምጣድ ከገዙት መካከል አንድ ኮከብ የሰጡት 8 በመቶ ናቸው። የመጀመሪያውም ምጣድ በእውነቱ ልክ እንደዚያው 8 በመቶ የሚሆነውን ገዢ የሚያስከፋ ዕቃ ነው ብለን እንነሣ። አንድ ገዢ የማይከፋበት ዕድል 0.92 ነው፤ 11 ገዢዎች በተከታታይ የማይከፉበት ዕድል 0.92 አሥራ አንድ ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው፣ ማለትም 40 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ የሁለቱ ምጣዶች ጥራት አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ከመጀመሪያው ሥር አንድም ቅሬታ አለመታየቱ የሚያስገርም አይሆንም። ደረጃ የሰጡት ሰዎች 45 ሆነው አንድም ባይከፋ ኖሮ ያ ዕድል ወደ 2 በመቶ ይወርድ ነበር፤ ያኔ ዝምታው በእርግጥ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል። የ11 ሰው ዝምታ ግን ምስክርነቱ ደካማ ነው፤ ምጣዱ መጥፎ ነው ማለት ሳይሆን ገና አልታወቀም ማለት ነው።

ይህንን ያልታወቀነት ወደ አንድ ቁጥር የሚለውጥ የቆየ ዘዴ አለ። እያንዳንዱ ዕቃ ከእውነተኛ ገዢዎቹ በተጨማሪ ጥቂት ምናባዊ ገዢዎች እንዳሉትና እነሱም የዚያን የዕቃ ዓይነት የተለመደ አማካይ እንደሰጡ ተደርጎ ይሰላል፦

```
W = (n × R + m × C) / (n + m)
```

እዚህ ላይ n ደረጃ የሰጡት ሰዎች ቁጥር፣ R የዕቃው የራሱ አማካይ፣ C የዕቃው ዓይነት የጋራ አማካይ፣ m ደግሞ የምናባዊ ገዢዎቹ ቁጥር ነው። የፊልም መረጃ ድረ ገጹ አይኤምዲቢ የ250 ምርጥ ፊልሞች ዝርዝሩን ለማዘጋጀት ይህንን ቀመር ይፋ አድርጎ ሲጠቀምበት ቆይቷል፤ ወደ ዝርዝሩ ለመግባትም 25,000 ድምፅ ይጠይቃል። ይህ ባይሆን ኖሮ የዳይሬክተሩ ዘመዶች ብቻ ያዩት ፊልም ዝርዝሩን በመራው ነበር።

የእኔን ስሌት ስሠራ በዚያ ዓይነት ዕቃ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያሉትን መጋገሪያዎች አይቼ C 4.2 ነው አልኩ። m ስንት ይሁን የሚለው ግን ከባዱ ጥያቄ ነበር። 20 ብዬ ስሞክር የመጀመሪያው ምጣድ 4.45 አግኝቶ አሁንም አንደኛ ሆነ፤ 50 ሳደርገው 4.33 ሆኖ ከሦስቱ መጨረሻ ወረደ፤ ሁለተኛው 4.38፣ ሦስተኛው 4.36 አገኙ። ይህንን ሳልደብቅ የምጽፈው ቀመሩ ፍርድን ከሰው ላይ እንደማያነሳ ለማሳየት ነው። m የሚለው ፊደል «ስንት ሰው ሲመሰክር ነው የማምነው?» የሚል የግል ጥያቄ ነው። እኔ 50ን የመረጥኩት ከላይ ባየነው ምክንያት ነው፤ ከ100 ገዢ ስምንቱን የሚያስከፋ ጉድለት ሳይታይ በቀላሉ ሊያልፍ የማይችለው 45 ወይም 50 ሰው ሲመሰክር ስለሆነ ነው። ለ5 ዶላር ማንኪያ ቢሆን 10 ሰው ይበቃኝ ነበር፤ ማንኪያው መጥፎ ሆኖ ቢገኝ የሚጠፋው ነገር ትንሽ ነውና።

በዚህ የመጀመሪያው ምጣድ ከውድድሩ ወጣ። የቀሩት ሁለቱ በአማካይ እኩል ናቸው፤ በተመዘነው ደረጃም ልዩነታቸው 0.02 ብቻ ስለሆነ በዚያ ላይ ተመሥርቶ መምረጥ ሳንቲም ከመወርወር አይለይም። አማካይ የሚጨርሰው ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ኮከቦቹ እንዴት እንደተከፋፈሉ ማየት ነው።

በሁለተኛው ምጣድ ሥር ከነበሩት አምስት አግዳሚ መስመሮች የአምስት ኮከቡ 74 በመቶ፣ የአራቱ 10፣ የሦስቱ 5፣ የሁለቱ 3፣ የአንዱ 8 በመቶ ይላሉ። የሦስተኛው ደግሞ 55፣ 33፣ 9፣ 2 እና 1 በመቶ። እያንዳንዱን በኮከቡ አባዝቶ የደመረ ሰው በሁለቱም በኩል 4.39 ያገኛል። (ይህንን ማባዛት ሁልጊዜ እሠራዋለሁ፤ አንዳንድ ትልልቅ ድረ ገጾች የሚያሳዩት ቁጥር ቀላል አማካይ ሳይሆን በራሳቸው ዘዴ የመዘኑት ስለሆነ መስመሮቹና ቁጥሩ የማይገጥሙበት ጊዜ አለ።) የሁለቱ ቅርፅ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የሁለተኛው ሁለት ጫፍ ላይ የተከመረ ነው፤ አብዛኛው ሰው ወዶታል፣ ጥቂት የማይባል ሰው ደግሞ አምርሮ ጠልቶታል፣ መሐሉ ባዶ ነው። የሦስተኛው ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚወርድ ቁልቁለት ነው፤ የጠላው ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ነገር ግን ከሦስት ገዢ አንዱ አንድ ኮከብ ነፍጎታል።

ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ሦስተኛውን ይገዛል። 1 በመቶ ከ8 በመቶ ይሻላል የሚለው ሐሳብ ትክክል ይመስላል፤ እኔም ልገዛው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለት ጫፍ ያለው ቅርፅ ሁልጊዜ የጥራት መዋዠቅ ምልክት አይደለም። ሁለት ዓይነት ገዢ መኖሩን፣ ወይም አንድ ዕቃ በሁለት የተለያየ ሁኔታ እንደሚደርስ ሊያሳይ ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ጽሑፎቹን በማንበብ ብቻ ስለሆነ ከሁለተኛው ምጣድ አንድ ኮከብ ሥር የተጻፈባቸውን 40 አስተያየቶች በሙሉ አንብቤ በምክንያት ለየኋቸው።

12ቱ ክዳን የለውም ብለው የተቆጡ ነበሩ፤ የዕቃው መግለጫ ክዳን አለው አይልም። 9ኙ ካርቶኑ ተጨፍልቆ፣ እግሩ ተሰብሮ እንደደረሳቸው ይናገራሉ፤ ይህ የማጓጓዣው ጥፋት ሲሆን ዕቃውን በመመለስ የሚፈታ ነው። 13ቱ ግን የምር የዕቃው ጉድለት ነበሩ፦ ወደ ምጣዱ የሚሰካው የሙቀት መቆጣጠሪያ ከተወሰኑ ወራት በኋላ መሥራት አቁሟል። የቀሩት 6ቱ የተለያዩ ነበሩ፤ አንዷ ሴትዮ ቀለሙ ከወጥ ቤቷ ጋር ስላልሄደላት ነው አንድ ኮከብ የሰጠችው። ያልጻፉትም ምክንያታቸው በዚሁ መጠን የሚከፋፈል ከሆነ፣ ከ8 በመቶው ውስጥ የምጣዱ የራሱ ብልሽት የሚሆነው ከ3 በመቶ በታች ነው። መቆጣጠሪያው ደግሞ ተነቃይ ስለሆነ ለብቻው ይሸጣል።

ከዚያ ወደ ሦስተኛው ተመለስኩ። አንድ ኮከብ የሰጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ስለነበሩ ከእነሱ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ትኩረቴን የሳቡት አራት ኮከብ የሰጡት ነበሩ፤ በልምዴ ሚዛናዊ ነገር የሚገኘው እዚያ ነው፤ አራት የሚሰጥ ሰው ዕቃውን ወድዶ የከለከለውን አንዱን ኮከብ ለምን እንደከለከለ ስለሚናገር። ካነበብኳቸው 30 መካከል 17ቱ በተለያየ ቃል አንድ ነገር ይላሉ፦ መሐሉ ይግላል፣ ዳር ዳሩ ይዘገያል። ፓንኬክ ለሚጋግር ሰው ይህ ኢምንት ነው፤ መሐል ላይ ጋግሮ ይበላል። ለእንጀራ ግን ዋናው ነገር ነው። ሊጡ ከዳር ወደ መሐል ተዙሮ ሲፈስ ዳሩ ካልጋለ ዓይን አያወጣም፣ መሐሉ ሲደርስ ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፣ ሲነሣም ይቀደዳል። አክስቴ እንዲህ ያለውን እንጀራ ለእንግዳ አያቀርቡም። ስለዚህ ለሌላው ሰው የአንድ ኮከብ ቅናሽ የሆነው ጉድለት ለእኛ የአራት ኮከብ ቅናሽ ነበር፤ አማካዩ ግን የፓንኬክ ጋጋሪዎቹን ሚዛን ይዞ ነው የሚያስላው።

ቀጥሎ በአስተያየቶች መፈለጊያው ላይ injera ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ምጣድ 38 አስተያየት አወጣ። ከዚያ ሰው እንደየአፉ እንደሚጽፈው ትዝ ብሎኝ enjera ብዬ ስደግም ሌላ 8 ተጨመረ፤ በድምሩ 46። ሦስተኛው በሁለቱም አጻጻፍ 4 ብቻ ነበረው። ከ46ቱ 33ቱ አምስት፣ 5ቱ አራት፣ 2ቱ ሦስት፣ አንዱ ሁለት፣ 5ቱ አንድ ኮከብ ሰጥተዋል፤ አማካዩ 4.3 ነው፤ ከጠቅላላው እንኳ ዝቅ ይላል። ነገር ግን አንድ ኮከብ ከሰጡት አምስቱ ሦስቱ ያማረሩት በክዳኑ ነው፤ የአክስቴ የድሮው አክንባሎ ደግሞ ደህና ነበር፣ ስፋቱም ይገጥማል። እነዚያን ሦስቱን አውጥቼ ስደምር 4.5 ሆነ።

ይህ ማውጣት አደገኛ ሥራ ነው። መግዛት የፈለገ ሰው የማይመቸውን አስተያየት ሁሉ ሰበብ እየፈለገ ሊያወጣ ይችላል፣ በመጨረሻም ማናቸውንም ዕቃ 5.0 ማድረስ ይቻላል። ለራሴ ያስቀመጥኩት ገደብ፣ የማወጣው ቅሬታ እኛ ቤት በፍጹም ሊደርስ የማይችል ሲሆን ብቻ ነው የሚል ነበር። ክዳኑ እንዲህ ነበር፤ መቆጣጠሪያው ግን አልነበረም፤ ስለዚህ በእሱ ያማረሩትን የቀሩትን ሁለት ሰዎች አልነካኋቸውም። 46ም ትንሽ ቁጥር መሆኑን አልረሳሁም፤ የመጀመሪያውን ምጣድ በ11 ሰው ከወቀስኩት የሦስተኛውን አራት እንጀራ ጋጋሪዎች ጭራሽ ማስረጃ ልላቸው አልችልም ነበር። እሱን የጣልኩት በአራቱ ሳይሆን በ17ቱ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ 1,260 የሚለው ቁጥር ራሱ የዚያው ዕቃ ነው ወይ የሚለው። ሻጮች የተለያዩ መጠኖችንና ዓይነቶችን በአንድ ገጽ ሥር ሲያስቀምጡ የሁሉም አስተያየት በአንድነት ይቆጠራል። ይህ በቅንነት የሚደረግ ቢሆንም የሌላ ዕቃ ኮከብ መበደሪያ ሆኖ ሲያገለግልም ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አዳዲስ ዕቃዎቹን በቆዩ የሌላ ዕቃ ገጾች ላይ በማጣመር ኮከባቸውን እንዲወርሱ አድርጓል ያለውን አንድ የቫይታሚን አምራች 600,000 ዶላር እንዲከፍል አስደርጓል። በእኛ ገጽ ላይ የማይጣበቅ ልባስ ያለውና ልባስ የሌለው የአሉሚኒየም መጋገሪያ አብረው ነበሩ። ከእያንዳንዱ አስተያየት በላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን የዓይነት ስም እያየሁ ስለይ ከ46ቱ 31ዱ ልባስ ስላለው፣ ማለትም እኛ ስለምንፈልገው የሚናገሩ ሆነው ተገኙ። ቁጥሩ ቀነሰ እንጂ መልኩ አልተለወጠም፤ ሁለተኛውን አዘዝኩ።

ምጣዱ በስድስተኛው ቀን ደረሰ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት እንጀራዎች ሙቀቱን ለማወቅ ጠፉ፤ አራተኛው ከዳር እስከ ዳር ዓይን አወጣ። ይህ ምርጫዬ ትክክል እንደነበር አያረጋግጥም፤ አንድ ምጣድ አንድ ምጣድ ነው፤ ከጣልኳቸው ሁለቱ አንዱን ገዝቼ ቢሆንም ጥሩው ሊደርሰን ይችል ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከድረ ገጹ «ግዢዎን እንዴት አገኙት?» የሚል ኢሜይል መጣ። እዚህ ላይ አማካዩ ሊያየው የማይችል ነገር እንዳለ ልብ አልኩ፦ ኮከቡ የሚጠየቀው በሁለት ሳምንት ነው፣ መቆጣጠሪያው የሚበላሸው በወራት ነው። ከእነዚያ 13 ቅሬታዎች አብዛኞቹ ከስድስት ወር በኋላ የተጻፉ ነበሩ፤ በስድስት ወሩ የተበላሸበት ሰው ሁሉ ደግሞ ተመልሶ አይጽፍም። ስለዚህ 3 በመቶ ያልኩት የብልሽት መጠን ዝቅተኛው ግምት መሆን አለበት፤ ምን ያህል እንደሚበልጥ ግን ከገጹ ላይ የሚገኝ መረጃ የለም።

አክስቴን ስንት ኮከብ ልስጥልዎት ስላቸው «አምስት ነዋ! አንተ መርጠህ ያመጣህልኝን ዕቃ አራት ልለው ነው?» አሉ። አምስት ሰጠሁ። በሰባተኛው ወር መቆጣጠሪያው አንዴ እየሠራ አንዴ እየጠፋ ሲያስቸግር አዲስ ገዛንለት፤ የያኔውን ደረጃ ወደ አራት ወይም ሦስት ላስተካክለው ብዬ ስልኬን ሳወጣ አክስቴ እጄን ያዙ። «ተው ልጄ፤ ምጣዱ ምን አጠፋ? የተበላሸው ሽቦው ነው።» አምስቱ ኮከብ አሁንም እዚያው አለ።